13 ነጥብ አግኝታ ሕፃኑ ሳይተነፍስ

ሁለት የሚድዋይፈሪ ተማሪዎች አንድ ዓይነት የተግባር ፈተና ተፈተኑ እንበል። ጠረጴዛው ላይ የተኛው ሕፃን የፕላስቲክ ነው፤ በፈተናው ታሪክ መሠረት ግን አሁን ተወልዶ አላለቀሰም፣ አይተነፍስም።

አንደኛዋ ተማሪ እጇን ታጥባ ጓንት አጠለቀች። እናቲቱን አረጋጋች፣ እርዳታ ጠራች፣ ሕፃኑን አደረቀች፣ ማስክ ያለውን አምቡ ባግ አንስታ በጊዜው መጭመቅ ጀመረች። የጎደላት ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ማስኩ ፊቱ ላይ በደንብ ስላልተቀመጠ አየሩ በጎን እየሾለከ ደረቱ አንድም ጊዜ ከፍ አላለም። ሁለተኛዋ እጇን መታጠብ ረሳች፣ ለእናቲቱ አንድም ቃል አልተነፈሰች፣ እርዳታ አልጠራች፣ ባጉንም ከሚገባው በላይ አፈጠነች። ቢሆንም ገና በ50ኛው ሰከንድ የሕፃኑ ደረት ከፍ ዝቅ ማለት ጀምሮ ነበር።

ፈታኙ የያዘው ወረቀት 15 መስመር አለው፤ እያንዳንዱ መስመር 1 ነጥብ ነው። አንደኛዋ ሁለት መስመር ብቻ ስላጣች 13 አገኘች፤ በመቶኛ 87 መሆኑ ነው። ሁለተኛዋ አራት አጥታ 11 አገኘች፤ 73 በመቶ። በወረቀቱ ሂሳብ የተሻለችው አንደኛዋ ናት። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ቢሆን ግን በአንደኛዋ እጅ ያለው ሕፃን አየር አላገኘም።

የጤና ሙያ አስተማሪዎች ቼክሊስት ሲያዘጋጁ ዋና ራስ ምታታቸው ይኸው ነው። ታሪኩን መጻፍ ቀላል ነው። ታሪኩን ነጥብ ወደሚሰጥበት ወረቀት መለወጥ፣ የትኛው እርምጃ ከየትኛው መቅደም እንዳለበት መወሰን፣ ብቻውን ተፈታኙን የሚጥለው ስህተት የቱ እንደሆነ መለየት፣ እነዚህ ናቸው ከባዶቹ።

ፈተናው በሙያው ሰዎች አፍ «ኦስኪ» ይባላል። ሮናልድ ሃርደን የተባሉ የስኮትላንድ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1975 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ያስተዋወቁት ዘዴ ነው። ከዚያ በፊት በተለመደው አሠራር አንዱ ተማሪ ቀላል በሽተኛ ከደግ ፈታኝ ጋር፣ ሌላው ከባድ በሽተኛ ከቁጡ ፈታኝ ጋር ሊደርሰው ይችል ነበር። በኦስኪ ሁሉም ተማሪ በተራ በተራ በተመሳሳይ ጣቢያዎች ያልፋል፤ ጣቢያዎቹን በተለምዶ «ስቴሽን» እንላቸዋለን። በእያንዳንዱ ስቴሽን አንድ ሥራ፣ የተወሰነ ደቂቃና አንድ ወረቀት የያዘ ፈታኝ አለ። ዛሬ በአገራችን የነርሲንግና የሚድዋይፈሪ ትምህርት ቤቶችም የሚሠራበት ነው። የዘዴው ፍትሐዊነት ግን ያረፈው በዚያ ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ ጥሩ ካልሆነ ሁሉም ተማሪ እኩል ይበደላል እንጂ ፍትሕ አላገኘም።

እስቲ የሕፃኑን ስቴሽን ከመነሻው እንሥራው። በበሩ ላይ የሚለጠፈውና ተፈታኙ የሚያነበው ታሪክ ይህን ይመስላል፦

«በጤና ጣቢያ የማዋለጃ ክፍል ተረኛ ነዎት። የ24 ዓመት እናት ሁለተኛ ልጇን ልትወልድ ተቃርባለች። የእርግዝናው ጊዜ ሞልቷል፤ የሽርት ውሃው ንጹሕ ነው። ለወሊዱ ይዘጋጁ፤ ሕፃኑ ሲወለድ የሚያስፈልገውን ያድርጉለት። 8 ደቂቃ አለዎት።»

አብዛኛው አስተማሪ ከዚህ ቀጥሎ የሚያደርገው ከማሠልጠኛ መጽሐፉ ውስጥ ሕፃን የማስተንፈስን ምዕራፍ ከፍቶ ርእሶቹን መገልበጥ ነው። ስህተቱ እዚያ ይጀምራል። መጽሐፉ ለማንኛውም ሕፃን የተጻፈ ነው፤ ወረቀቱ ግን ለዚህ ሕፃን ብቻ መሆን አለበት። «የሽርት ውሃው ንጹሕ ነው» የሚለውን ሐረግ ተመልከቱ። ቀደም ሲል እንደተወለደ የእያንዳንዱን ሕፃን አፍና አፍንጫ በመምጠጫ ማጽዳት የተለመደ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ግን ውሃው ንጹሕ ከሆነ ይህን እንደ ልማድ ማድረግ አይመክርም። እንግዲህ «አፍና አፍንጫን ይመጥጣል» የሚል መስመር በዚህ ወረቀት ላይ ከገባ የማያስፈልገውን ነገር ያደረገችው ተማሪ ነጥብ ታገኛለች፤ መመሪያውን የምታውቀው ግን ታጣለች። በታሪኩ ውስጥ ያለ አንድ ቃል አንድ መስመር ያስገባል፣ አንድ መስመር ያስወጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ታሪኩን ቃል በቃል አንብቦ «ይህ ቃል ከተፈታኙ ምን ይጠይቃል?» ማለት ነው። ምንም የማይጠይቅ ቃል ካለ ይውጣ፤ ተማሪውን ከማደናገር ውጪ ጥቅም የለውም።

ቀጥሎ የግሦቹ ጉዳይ ይመጣል። በረቂቅ ወረቀቶች ላይ «የሕፃኑን ሁኔታ ይገመግማል»፣ «የችግሩን አሳሳቢነት ይረዳል» የሚሉ መስመሮች ይበዛሉ። ፈታኙ ግን የሚያየው እጅና ዓይን፣ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነው። መገምገም በጭንቅላት ውስጥ የሚሆን ነገር ስለሆነ ከሁለት ፈታኞች አንዱ «ገምግማለች» ሲል ሌላው «አልገመገመችም» ሊል ይችላል። መስመሩ የሚታይ ነገር ይሁን፤ «የሕፃኑን ጀርባ በእጇ ታሻለች»፣ «ማስኩን አገጭ፣ አፍና አፍንጫ ላይ ታስቀምጣለች፤ ዓይን ላይ አይደርስም»። አንዳንዶች ችግሩን «ጮክ ብላ ትናገራለች» በሚል ሐረግ ሊያመልጡት ይሞክራሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ካስፈለገ አንድ ቦታ ላይ ይግባ። ሁሉም መስመር ላይ ከገባ የሚያሸንፈው አፈኛው ይሆናል፤ ዝም ብላ በትክክል የምትሠራዋ ትወድቃለች።

ከግሡ ጋር የሚሄደው ሌላ በሽታ አንድ መስመር ውስጥ ሦስት ነገር መጠቅጠቅ ነው። «ጭንቅላቱን አስተካክላ፣ ማስኩን ገጥማ፣ በደቂቃ 40 ጊዜ ታስተነፍሳለች» የሚል መስመር ያለው ወረቀት አይቻለሁ። ተማሪዋ ጭንቅላቱን አስተካክላ ማስኩን ገጥማ 60 ጊዜ ብትጨምቅ ነጥቡ ይሰጣት ወይስ ይከልከል? አንዱ ፈታኝ ይሰጣታል፣ ሌላው ይከለክላል፣ ሦስተኛው ግማሽ ጽፎ ያልፋል። ሦስት መስመር አድርጎ መበተን ይሻላል። ለፍጥነቱ ደግሞ የሚቆጠር መስፈርት ይሰጥ። በደቂቃ 40 ማለት በ15 ሰከንድ 10 ማለት ነው፤ ፈታኙ ሰዓቱን አይቶ በ15 ሰከንድ ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጭምቀት ከቆጠረ ነጥቡን ይስጥ። ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ያለው ፈቀቅታ አዘጋጆቹ ተስማምተው የሚወስኑት ነው፤ ግን ወረቀቱ ላይ ይጻፍ እንጂ በፈታኙ ልብ አይቅር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በእጃችን የሚቀረው ወረቀት ይህን ይመስላል።

ከመወለዱ በፊት፦
1. እጇን ታጥባ ጓንት ታጠልቃለች
2. ማስኩን በመዳፏ ደፍና ባጉን በመጭመቅ መሥራቱን ታረጋግጣለች
3. ሁለት ደረቅ ጨርቆች ታዘጋጃለች

ፈታኙ «ሕፃኑ ተወለደ፤ አያለቅስም» ካለ በኋላ (ሰዓቱ እዚህ ይጀምራል)፦
4. ሰውነቱንና ጭንቅላቱን ታደርቃለች
5. እርጥቡን ጨርቅ አስወግዳ በደረቅ ትሸፍነዋለች
6. ጀርባውን ታሻለች
7. ጭንቅላቱን ወደ ኋላ በመጠኑ ቀና አድርጋ ታስተካክላለች
8. ማስኩ አገጭ፣ አፍና አፍንጫን ይሸፍናል፤ ዓይን አይነካም፤ አየር አያሾልክም
9. የመጀመሪያው ጭምቀት 60 ሰከንድ ሳይሞላ
10. ደረቱ በእያንዳንዱ ጭምቀት ከፍ ይላል (ወዲያው ወይም ካስተካከለች በኋላ)
11. በ15 ሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጭምቀት
12. ለአንድ ደቂቃ ያህል ካስተነፈሰች በኋላ የልብ ምቱን ትፈትሻለች
13. እርዳታ ትጠራለች
14. ለእናቲቱ የሚሆነውን ታስረዳለች
15. ሕፃኑ በራሱ ሲተነፍስ እናቱ ደረት ላይ አድርጋ ትሸፍነዋለች

ከላይ ስለ ሁለቱ ተማሪዎች የሰጠሁት ሂሳብ በዚህ ወረቀት ላይ የተሠራ ነው። አንደኛዋ 8ኛውንና 10ኛውን አጣች። ሁለተኛዋ 1ኛውን፣ 11ኛውን፣ 13ኛውንና 14ኛውን። መስመሮቹ ጥሩ ቢሆኑም እንኳ መደመር ብቻውን የት እንደሚያደርስ አይታችኋል።

አሁን ወደ ቅደም ተከተሉ። ቁጥር ስለተሰጣቸው ብቻ አሥራ አምስቱም በዚህ ሰልፍ መሄድ አለባቸው ማለት አይደለም፤ ለአንድ መስመር የቅደም ተከተል ግዴታ የሚጣለው ቅደም ተከተሉ ለሕፃኑ ለውጥ ሲያመጣ ብቻ ነው። ባጉን መፈተሽ ከመወለዱ በፊት መሆን አለበት፤ ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ የተቀደደ ባግ ማግኘት ምን ይጠቅማል? ማድረቅ ከማስተንፈስ ይቀድማል፤ ምክንያቱም እርጥብ ሕፃን በፍጥነት ይቀዘቅዛል፤ ደግሞም ብዙ ሕፃናት ማድረቁና ማሻሸቱ ራሱ ስለሚያነቃቸው ባግ ሳያስፈልጋቸው መተንፈስ ይጀምራሉ። 9ኛው መስመር ደግሞ በሰዓት የታሰረ ነው። «ሄልፒንግ ቤቢስ ብሪዝ» በሚባለውና የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከአጋሮቹ ጋር በ2010 በጀመረው ሥልጠና «ወርቃማዋ ደቂቃ» የምትባለው ይህች ናት፤ ሕፃኑ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ ወይ በራሱ መተንፈስ አለበት፣ ወይ መተንፈስ ሊጀመርለት ይገባል።

እርዳታ መጥራትና እናቲቱን ማነጋገር ግን ሰልፍ የላቸውም። አንዷ እያደረቀች ትጣራለች፣ ሌላዋ ባጉን ስታነሳ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ወረቀቱ እዚህ ላይ ቅደም ተከተል ከጠየቀ ፈታኙ ሕፃኑን መመልከት ትቶ ተማሪዋ መቼ አፏን እንደከፈተች ሲቆጥር ይውላል።

እትብት መቁረጥን በመስመር አለማስገባታችንን ልብ ያለ አንባቢ ይኖራል። ሆን ተብሎ ነው። በአንዳንድ ወረቀቶች «እትብቱን አስራ ትቆርጣለች» የሚለው ከማስተንፈስ በፊት እንደ ግዴታ ተጽፎ ይገኛል። አዎ፣ ሕፃኑን ወደ ማስተንፈሻ ጠረጴዛ ለመውሰድ ብዙ ጊዜ እትብቱ መቆረጥ አለበት። ነገር ግን ልምድ ያላት አዋላጅ እትብቱ ሳይቆረጥ እዚያው እናቱ አጠገብ ማስተንፈስ ልትጀምር ትችላለች፤ መመሪያውም ይህን ይፈቅዳል። እንግዲህ መቁረጥን በግዴታ ያስቀደመ ወረቀት የበለጠ የምታውቀውን ተማሪ ይቀጣል። የውሸት ቅደም ተከተል የሚባለው ይህ ነው፤ አዘጋጁ እሱ ራሱ የለመደውን መንገድ እንደ ብቸኛ መንገድ አድርጎ ይጽፈዋል። መድኃኒቱ ረቂቁን ሌላ ሆስፒታል ለሠራ ባልደረባ ሰጥቶ «አንተ በዚህ ቅደም ተከተል ነው የምትሠራው?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ከቅደም ተከተል የሚወለድ አንድ ግፍም አለ። ተማሪዋ ማድረቁን ረስታ ቀጥታ ባግ አነሳች እንበል። 4ኛውን አጣች፤ ተገቢ ነው። አንዳንድ ፈታኝ ግን «ቅደም ተከተሉ ስለተበላሸ» ብሎ ከ5 እስከ 9 ያለውን ሁሉ ዜሮ ያደርጋል። አንድ ስህተት አንድ ጊዜ ይቀጣ። ወረቀቱ ግርጌ ላይ «ያልተሠራ ወይም ጊዜው ያለፈበት መስመር ብቻ 0 ያገኛል፤ ቀጥለው ያሉት በራሳቸው ይታያሉ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይህን ያቆመዋል።

10ኛውን መስመር ስንጽፍ ትንሽ ማሰብ ነበረብን። የማስተንፈስ ዋና ክህሎት ደረቱ አልነሳ ሲል ምን እንደሚደረግ ማወቅ ነው፤ ጭንቅላቱን እንደገና ማስተካከል፣ ማስኩን እንደገና መግጠም፣ ምስጢር ካለ ማጽዳት፣ አፉን በትንሹ መክፈት፣ ጠንከር አድርጎ መጭመቅ። ታዲያ «ደረቱ ካልተነሳ ታስተካክላለች» የሚል መስመር ብናስገባ ከመጀመሪያው ጭምቀት ጀምሮ ደረቱ የተነሳላት ጎበዝ ተማሪ ይህን ማሳየት አትችልም። ነጥቡን አጥታ ቁጭ! በጣም ጎበዝ መሆን ነጥብ ያስቀጣል ማለት ነው። ስለዚህ መስመሩ የሚለካው ውጤቱን ነው፦ ደረቱ ይነሳል፤ ወዲያውም ይሁን ካስተካከለች በኋላ። ወረቀት ስታነቡ «ከሆነ» እና «ካስፈለገ» የሚሉ ቃላት ያሉበትን መስመር ሁሉ ጠርጥሩ።

አሁን ወደ አንደኛዋ ተማሪ እንመለስ። 15ኛውን ነጥብ እንዴት አገኘች? ሕፃኑ አየር ካላገኘ መተንፈስ አይጀምርም፤ ካልተነፈሰ ደግሞ እናቱ ደረት ላይ አድርጎ መጨረስ አይቻልም። ያገኘችው የፈታኙ መመሪያ «በ4ኛው ደቂቃ ሕፃኑ መተንፈስ ጀመረ በል» ስለሚል ነው። ታሪኩ ሰዓቱን ጠብቆ ይሄዳል፤ ተማሪዋ የሠራችው ምንም ይሁን ምን ሕፃኑ ይድናል። ለልምምድ የሚሠራባቸው የፕላስቲክ ሕፃናት አተነፋፈስንና የእትብት ትርታን ፈታኙ በእጁ ጨምቆ እንዲያሳይ ተደርገው የተሠሩ አሉ፤ እነሱን ማንቀሳቀስ ያለበት ግን የተማሪዋ ሥራ ነው። መመሪያው ሲታረም እንዲህ ይላል፦ ደረቱ ቢያንስ ለአንድ ደቂቃ በተከታታይ ከተነሳ የልብ ምቱ ከ100 በላይ ይሁን፤ ማስተንፈሷን ከቀጠለች ትንሽ ቆይቶ ሕፃኑ ይተንፍስ። ደረቱ ካልተነሳ እስከ 8ኛው ደቂቃ አይተንፍስ። የፈታኙ ወረቀት ከተፈታኟ ወረቀት ጋር ካልተጣጣመ የነጥቡ ሂሳብ ሐሰተኛ ይሆናል።

እስከዚህ ድረስ መስመሮቹን አጠራን። የመደመሩ ችግር ግን እንዳለ ነው፤ በታረመው መመሪያም አንደኛዋ 15ኛውን ተነጥቃ 12 ከ15 ታገኛለች፤ 80 በመቶ። ከሁለተኛዋ አሁንም ትበልጣለች። ያለ ክሪቲካል ነጥብ መሄድ የማይቻለው ለዚህ ነው፤ የተፈታኙ ድምር ምንም ይሁን፣ ይህን ካደረገ ወይም ይህን ሳያደርግ ከቀረ ስቴሽኑን ይወድቃል የሚባልባቸው ጥቂት ነገሮች ያስፈልጋሉ።

ጥቂት የሚለው ላይ አስምሩበት። የአዘጋጆች ስብሰባ ላይ ክሪቲካል የሚለው ቃል ከተነሳ ሁሉም የየራሱን ይዞ ይመጣል። የእጅ መታጠብ ጉዳይ በተለይ ሁልጊዜ ያጨቃጭቃል፤ «ኢንፌክሽንም እኮ ይገድላል» ይባላል። ልክ ነው፤ ይገድላል። እኔ ለእንዲህ ያለው ክርክር የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ ሌላው ሁሉ በትክክል ቢሠራ፣ ይህ ስህተት ብቻውን፣ በዚህ ሕፃን ላይ፣ በዚህ ስቴሽን ውስጥ፣ ሊመለስ የማይችል ጉዳት ያደርሳል? በዚህ ታሪክ መልሱ ለእጅ መታጠብ አይደለም ነው፤ አንድ ነጥብ ያስቀንሳት፣ በቃ። ስቴሽኑ ስለ መርፌ ቢሆን ያገለገለ መርፌ ለሌላ ሰው መጠቀም ያለ ጥርጥር ክሪቲካል ይሆን ነበር። ከታሪክ ታሪክ የሚለያይ ነገር ነው። አሥራ አምስቱም ክሪቲካል ከሆኑ ደግሞ ወረቀቱ ነጥብ መስጠቱ ምን ያደርጋል?

በጥያቄው ሲጣሩ የሚቀሩት ሦስት ናቸው። አንደኛው፦ ሕፃኑ ከተወለደ 120 ሰከንድ እስኪሞላ ደረቱ በጭምቀት አንድም ጊዜ ካልተነሳ። ለምን 60 ሰከንድ አልሆነም? 60 መድረስ የሚገባት ግብ ነው፤ ካለፈች 9ኛውን መስመር ታጣለች። በ63ኛው ሰከንድ የጀመረችን ተማሪ ግን ከሙያው ማባረር የፈታኙን ሰዓት አያያዝ እንደ ፍርድ ቤት ማስረጃ መቁጠር ነው። 120 የተመረጠው ማንኛውም ፈታኝ ሳይጠራጠር የሚስማማበት ርቀት ስለሆነ ነው። ሁለተኛው፦ ሕፃኑን በእግሩ አንጠልጥላ ከያዘች፣ ከመታችው ወይም ቀዝቃዛ ውሃ ካፈሰሰችበት። እነዚህ በድሮ ልማድ የነበሩና ጉዳታቸው የታወቀ ድርጊቶች ናቸው። ሦስተኛው፦ ሕፃኑ በራሱ ሳይተነፍስ ማስተንፈሱን አቋርጣ ለእናቱ ከሰጠች ወይም ትታው ከሄደች።

አጻጻፋቸውን አስተውሉ፤ ሦስቱም የሚታዩ ናቸው። «አደገኛ ድርጊት ፈጸመች» ብሎ መጻፍ የሚቀል ይመስላል፤ ነገር ግን ጭንቅላቱን ትንሽ ከመጠን በላይ ወደ ኋላ ያዘነበለችውን ተማሪ አንዱ ፈታኝ በዚህ ይጥላታል፣ ሌላው ያሳልፋታል። የተማሪ ዕጣ በእንዲህ ያለ ቃል ላይ መንጠልጠል የለበትም።

የወረቀቱ አቀማመጥም ለውጥ ያመጣል። ክሪቲካሎቹ በመስመሮቹ መካከል በኮከብ ምልክት ከተበተኑ ፈታኙ በፍጥነት ሲያልፍ ይዘላቸዋል። ከታች በተለየ ሳጥን ይቀመጡና ፈታኙ ነጥቡን ከጨረሰ በኋላ ለእያንዳንዳቸው «ታይቷል» ወይም «አልታየም» ብሎ ያክብባቸው፤ «ታይቷል» ካለ ያየውንና ሰከንዱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ተማሪዋ ይግባኝ ስትጠይቅ የሚታየው ያቺ ዓረፍተ ነገር ናት። ፈታኙ ስህተቱን ሲያይ ፈተናውን ማስቆም፣ ፊቱን ማጨማደድ ወይም መናገር የለበትም፤ 90ኛው ሰከንድ ላይ ራሷ ልታስተካክለው ትችላለችና። ተማሪዎቹም በፈተናው ክሪቲካል ነጥቦች እንዳሉ አስቀድሞ ይነገራቸው። የትኞቹ እንደሆኑ መነገር አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ላይ አስተማሪዎች ይለያያሉ፤ እኔ ቢነገር ጉዳት አይታየኝም፤ ደረት ማስነሳት በቃል ተሸምድዶ የሚያልፍ ነገር አይደለም።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ይጨመር። ክሪቲካል ሲመዘገብ ጥፋቱ የዕቃው አለመሆኑን ማረጋገጥ የፈታኙ ግዴታ ነው። በየመሐሉ ባጉ ካልተፈተሸ አሥረኛዋ ተማሪ ዘጠነኛዋ በቀደደችው ማስክ ልትወድቅ ትችላለች። 2ኛው መስመር ባጉን መፈተሽ የእሷ ድርሻ ያደርገዋል፤ መለዋወጫ ባግ እዚያው ካልተቀመጠላት ግን ብልሽት ብታገኝ እንኳ ምን ታድርግ?

ወረቀቱ ለፈተና ቀን ከመድረሱ በፊት መሞከር አለበት። የሚያስፈልገው ሁለት ባልደረባና አንድ ስልክ ብቻ ነው። አንዱ ሆን ብሎ በመጠኑ እየተሳሳተ ይሥራ፤ በቪዲዮ ይቀረጽ። አራት አምስት ፈታኞች ሳይነጋገሩ ያንኑ ቪዲዮ እያዩ ወረቀቱን ይሙሉ። ከዚያ መስመር በመስመር ያነጻጽሩ። ሁሉም አንድ ዓይነት የሞሉት መስመር ደህና ነው። ሁለት «አዎ»፣ ሦስት «አይደለም» የተባለበት መስመር የፈታኞቹ ሳይሆን የአጻጻፉ ጥፋት ነው፤ እንደገና ይጻፍ። ክሪቲካል ነጥብ ላይ አንድ ሰው እንኳ ከተለየ ያ ነጥብ በዚያ ቃል ወደ ፈተና አይግባ።

ቼክሊስት የማይችለው ነገርም አለ። ሆጅስና ባልደረቦቹ በ1999 በሕክምና ትምህርት መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ቼክሊስት የባለሙያዎችን ብቃት መጨመር በሚገባ እንደማይይዝ አሳይቷል፤ ልምድ የሌለው ሁሉን በየተራ ስለሚያደርግ ከልምድ ያለው የተሻለ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል፤ ልምድ ያለው ወደ ዋናው ነገር ስለሚቸኩል ትናንሽ መስመሮችን ይዘላል። ለዚህ ነው ብዙ ፈተናዎች በወረቀቱ ግርጌ ከነጥቡ ተለይቶ ፈታኙ በአጠቃላይ «ትወድቃለች፣ በድንበሩ ላይ ናት፣ ታልፋለች፣ በጣም ጥሩ ናት» ብሎ የሚያክብበት መስመር የሚጨምሩት። ከዚያም በድንበሩ ላይ ናቸው የተባሉት ተማሪዎች በመስመሮቹ በአማካይ ስንት እንዳገኙ ታይቶ ማለፊያው ይወሰናል። 50 ወይም 60 በመቶ ብሎ በዘፈቀደ ከመቁረጥ ይህ ይሻላል፤ ከባድ ስቴሽን ዝቅ ያለ ማለፊያ፣ ቀላሉም ከፍ ያለ ያገኛል።

የጤና ሙያ የምታስተምሩ አንባቢዎች ካላችሁ በትምህርት ክፍላችሁ ያለውን የሕፃን ማስተንፈሻ ቼክሊስት አውጡና ሦስት ነገር ተመልከቱበት፦ የሽርት ውሃው ንጹሕ ሆኖ ሳለ መምጠጥ ነጥብ ያሰጣል? እትብት መቁረጥ ከማስተንፈስ በፊት በግዴታ ተጽፏል? ደረቱ ሳይነሳ ማለፍ ይቻላል? አንዱንም አዎ ብላችሁ ከመለሳችሁ ወረቀቱ ከሚቀጥለው ፈተና በፊት ይታረም፤ የታረመበትም ቀን ራስጌው ላይ ይጻፍ።